ነጥቡ ሲገለበጥ አብራችሁ አትገልበጡ

ውድ ወጣቶች፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ፓራቦሊክ ሳር ገበያው ወደ ጎን ሲሄድ ደጋግሞ ያስከስረኛል። የማፍጠኛውን ጣሪያ ከ0.20 ወደ 0.10 ባወርደው ይሻለኛል?» አይሻልህም። ምክንያቱን ግን በእርሳስ አስልታችሁ ካላያችሁት አታምኑኝም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሴቲንግ መለወጥ ትወዳላችሁ፣ ማስላት ግን ይሰለቻችኋል። ስለዚህ አብረን እናስላ።

```
SAR(ነገ) = SAR(ዛሬ) + AF × (EP − SAR(ዛሬ))
```

SAR ቻርቱ ላይ የምታዩት ነጥብ ነው፤ ዋጋው ሲነካው ከትሬዱ ውጡ፣ በተቃራኒው አቅጣጫም ግቡ ይላችኋል። EP ዋጋው ይወጣል ብለን በምንገዛበት በሎንግ ትሬድ እስካሁን የታየው ከፍተኛ ዋጋ ሲሆን፣ ይወርዳል ብለን በምንሸጥበት በሾርት ደግሞ ዝቅተኛው ነው። AF ማፍጠኛው ነው፤ ከ0.02 ይጀምራል፣ አዲስ ከፍታ፣ በሾርት ደግሞ አዲስ ዝቅታ በተመዘገበ ቁጥር 0.02 ይጨመርበታል፣ 0.20 ሲደርስ ይቆማል። ዌልስ ዋይልደር ኢንዲኬተሩን በ1978 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ያስቀመጣቸው ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው።

በ100 ገዛችሁ እንበል። የዕለቱ ከፍታ 100፣ ነጥቡ ደግሞ 96 ላይ ነው። ከዚያ የየቀኑ ከፍታ 102፣ 104፣ 106፣ 108 እያለ 110 ደረሰ። አምስት አዲስ ከፍታ ስለተመዘገበ ማፍጠኛው 0.12 ሆኗል፣ ነጥቡም ለማግስቱ 99.94 ላይ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ገበያው ደከመ፤ ከ106.50 በታች ሳይወርድ፣ ከ109 በላይም ሳይወጣ ይመላለስ ጀመር።

ዋጋው ባይወርድም ነጥቡ አይቆምም። በእሱና በ110 መካከል ካለው ክፍተት በየቀኑ 12 በመቶውን እየዘጋ ይወጣል። ከስምንት ቀን በኋላ 106.38 ደረሰ። የዚያን ዕለት ዋጋው 106ን ነክቶ ተመለሰ፣ እናንተም በ106.38 ወጣችሁ። ትርፋችሁ 6.38 ነው፣ በጣም ጥሩ ትሬድ ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው ኢንዲኬተሩ ያለውን ሰምታችሁ እዚያው ሾርት ስትገቡ ነው። አዲሱ ነጥብ 110 ላይ ተተከለ፣ ማፍጠኛው ወደ 0.02 ተመለሰ። ነጥቡ በየቀኑ ጥቂት ሳንቲም ብቻ እየወረደ በሦስተኛው ቀን 109.76 ደረሰ፣ ዋጋው ያን ቀን ወደ 109.90 ወጥቶ ነካው። ኪሳራ 3.38። እንደገና ሎንግ ገባችሁ፣ ነጥቡ 106 ላይ ተተከለ። በሦስተኛው ቀን 106.23 ሲደርስ ዋጋው 106.10 ወርዶ ነካው። ኪሳራ 3.53። ሁለቱ ሲደመሩ 6.91 ይሆናሉ። ኮሚሽን ሳይቆጠር የመጀመሪያው ትርፍ ሁሉ አልቆ ከዚያም አልፏል። ስንገዛ ዋጋው ከሚመላለስበት ሬንጅ ጣሪያ አጠገብ፣ ስንሸጥ ከወለሉ አጠገብ መሆኑን ልብ በሉ። የተገለበጠው ነጥብ ሁልጊዜ የሚተከለው የቀደመው ትሬድ ጫፍ ላይ ስለሆነ ሬንጅ ውስጥ ከዚህ የተለየ ውጤት አይጠበቅም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። በሁለቱ የኪሳራ ትሬዶች ማፍጠኛው ስንት ነበር? አዲስ ጫፍ ስላልተመዘገበ ከ0.02 ፈቀቅ አላለም። ጣሪያው 0.20 ይሁን 0.10 ስሌቱ ውስጥ አልገባም። ጣሪያው የሚሠራው ረጅም ትሬንድ ላይ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ትሬድ እንኳ 0.10 ብናደርገው መውጫችንን በአንድ ቀን ገደማ ነው የሚያዘገየው።

ለውጥ የሚያመጣው መነሻውንና ጭማሪውን ወደ 0.01 ማውረድ ነው። ያኔ ነጥቡ 106 ለመድረስ ስምንት ሳይሆን አሥራ ስምንት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ግን ዋጋው 110 በነካ ማግስት ነጥቡ የሚገኘው 98.10 ላይ፣ ከገዛችሁበት በታች ነው። ገበያው በድንገት ቢወድቅ ትርፉ ሁሉ ይሄዳል። ቁጥሮቹን አትንኩ የምለው ለዚህ ነው። ከዚህ የማወጣው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ በሚወጣ ገበያ፣ በዕለታዊ ቻርት፣ እኔ ራሴ 0.01ን እመርጣለሁ።

መፍትሔው ነጥቡን ለመውጫ ብቻ መጠቀም ነው። በ106.38 ከወጣችሁ በኋላ 106ን እና 110ን ቻርቱ ላይ አስምሩ። ገበያው ከሁለቱ መስመር ውጭ እስኪዘጋ ድረስ ምንም አትግቡ። ብዙዎቻችሁ የትሬንድን ጥንካሬ የሚለካውን ኤዲኤክስን ማጣሪያ ታደርጋላችሁ፤ ከ20 በታች ሲሆን አለመግባት ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ኤዲኤክስ ዘገምተኛ ነው። ከጠንካራ ጉዞ በኋላ በሚመጣ ሬንጅ የመጀመሪያ ቀናት ገና ከፍ እንዳለ ስለሚቆይ ከመጀመሪያው ግልበጣ አያድናችሁም። መስመሮቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሉ።

የነገው ነጥብ የሚታወቀው ዛሬ ገበያው ሲዘጋ ነው። ስቶፕ ኦርደራችሁን ያኔ፣ በቀን አንድ ጊዜ አንቀሳቅሱ። ገበያው ነጥቡን ዘልሎ ከተከፈተ የምትወጡት በነጥቡ ሳይሆን በተከፈተበት ዋጋ ነው። ስለዚህ የምትገዙትን መጠን ስትወስኑ ከመግቢያችሁ እስከ ነጥቡ ያለውን ርቀት ብቻ አትቁጠሩ፣ ለዝላዩም ቦታ ተዉ።