መነጽር ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር የዓይን ሌንሱን ጠርጥሩ

«እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ ጅማ ነን። ዘንድሮ መነጽሯ ሁለቴ ተቀየረ፣ አሁን ደግሞ ያለ መነጽር ማንበብ ጀመረች። እየተሻላት ነው?»

መሻል አይመስለኝም፤ የሞራ ግርዶሽ ጅማሬ ሊሆን ይችላል። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ መሃሉ እየጠጠረ ሲሄድ ብርሃንን አብዝቶ ይሰብራል፤ ስለዚህ የቅርቡ ይጠራል፣ የሩቁ ይደበዝዛል። በጥር −1.00 የነበረው የመነጽሯ ቁጥር በሰኔ −2.50 ከሆነ፣ የተለወጠው የዓይኗ ሌንስ ሳይሆን አይቀርም። እስካሁን መነጽር ይረዳታል፤ መነጽር ግን ትኩረትን ያስተካክላል እንጂ ጭጋግን አይጠርግም። ማታ የባጃጅ መብራት ከተበተነባት፣ ነጭ ነጠላ ቢጫ ከመሰላት፣ ጭጋጉ ገብቷል ማለት ነው።

ወሳኙ ምርመራ ቀላል ነው። ትክክለኛውን መነጽር አድርጋም የፊደል ሰሌዳውን ከ6/18 በተሻለ ማንበብ ካልቻለች፣ ማለትም ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያየውን እሷ ከ6 ሜትር ብቻ የምታይ ከሆነ፣ በጠባብ ቀዳዳ ስታይም ካልጨመረላት፣ ሌላ መነጽር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ያኔ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ክፍል ብሌኗን በጠብታ አስፍተው ሌንሱንና ሬቲናዋን ይዩላት፤ የዓይን ግፊትና ስኳርም ይለካ፤ ከጀርባ ሌላ በሽታ ካለ ሞራው ቢወጣም እይታዋ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

«ሞራው እስኪበስል ጠብቁ» የሚለውን የድሮ ምክር እባካችሁ አትስሙ። ቡና መልቀም፣ ደረጃ መውረድ፣ ሰው መለየት ካቃታት የቀዶ ጥገናው ጊዜ ደርሷል። በጣም የጠጠረ ሞራ ለማውጣት ይከብዳል። ዓይኗ ቀልቶ ካመማት ደግሞ በዚያው ዕለት ውሰዷት።