የታሰረ እርዳታ መቼ ነው ገቢ የሚሆነው?

«ለ400 ሰዎች ሥልጠና 1,200,000 ተቀብለናል። ዓመቱ ሲዘጋ የሠለጠኑት 150 ናቸው፤ ወጪያችን ግን 600,000 ደርሷል። ገቢ የምለው የቱን ነው?»

450,000ውን። ይህ የሚሆነው ውሉ በሠልጣኝ 3,000 አስልቶ ላልሠለጠነው ተመላሽ የሚጠይቅ ከሆነ ነው።

ገንዘቡ ሲገባ ባንክን ዴቢት፣ በቅድሚያ የተሰበሰበ ገቢን (ዕዳ ነው) ክሬዲት አድርግ። አሁን ከዚያው ዕዳ 450,000 ቀንሰህ ወደ እርዳታ ገቢ አዙር። ቀሪው 750,000 ዕዳ ሆኖ ይሻገራል።

ወጪውን አትከተል። ከ600,000ው ውስጥ ለመጪው ዙር የተከፈለ የአዳራሽ ኪራይ ካለ ቅድመ ክፍያ ነው፤ ማንንም አላሠለጠነም። ኦዲተር የሚጠይቅህም ደረሰኝ ብቻ አይደለም፣ የተፈረመበት የሠልጣኞች ዝርዝር ጭምር እንጂ።

የተመላሽ አንቀጽ ከሌለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ለሥልጠና ብቻ ይዋል» ማለት የአጠቃቀም ገደብ እንጂ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሙሉው ሲገባ ገቢ ሆኖ በተገደበ ፈንድ ይያዛል። ውሉን እንደገና አንብበው።