ለተማሪ ላፕቶፕ ከውጭ ሲመጣ፦ ለወንድምዎ ምን ብለው ይጻፉለት?

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ሐሳቧ ሲቪል ምህንድስና ነው። አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሜ ለገና ሲመጣ ላፕቶፕ ሊያመጣላት ቃል ገብቷል። «እስከ 400 ዶላር እችላለሁ፣ የምትፈልጊውን ጻፊልኝ» ብሎኛል። እኔ ከስልክ ያለፈ ነገር አላውቅም። ምን ብዬ ልጻፍለት?

መልስ፦ በዚህ ገንዘብ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይግዛላት። በ400 ዶላር የሚገኙት አዲሶች አብዛኞቹ ሚሞሪያቸው አነስተኛ፣ አካላቸውም ስስ ነው። የአሜሪካ ድርጅቶች ደግሞ የሠራተኞቻቸውን ላፕቶፕ በየጥቂት ዓመቱ በጅምላ ይቀይራሉ። እነዚያ ጠንካራ ናቸው፤ መለዋወጫቸውም እኛ ሰፈር ይገኛል። ችግሩ፣ ያገለገለ ዕቃ ጉዳቱ የሚታወቀው ሲፈተሽ ነው። እዚህ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ ወንድምዎ እዚያው እያለ፣ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይፈትሸው። ይህን ገልብጠው ይላኩለት፦

«ወንድም ዓለም፣ እንደምን አለህ? ስለ ላፕቶፑ ባለሙያ ጠይቄ ነው የምጽፍልህ። ያገለገለ ይሁን፤ ዴል ላቲቲዩድ 5420 ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ8 ብታገኝ ጥሩ ነው። ሚሞሪው 16 ጊጋ ይሁን፤ 8 ከሆነም የሚጨመርበት ይሁን። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ ቢያንስ 256 ጊጋ ይሁን። ክሮምቡክ አትግዛ። 30 ቀን መመለሻ ከሚሰጥ ሻጭ በኅዳር መጨረሻ ግዛው፤ ደረሰኙን አትጣል። እንደደረሰህ ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርገህ ከዋይፋይ ጋር አገናኘው። የድርጅት ስም ካመጣ ወዲያው መልሰው። የባትሪውን ሪፖርት አውጥተህ ፎቶውን ላክልኝ። ከዋናው ቻርጀሩ ጋር በእጅ ሻንጣህ ያዘው።»

ከዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ ይጠብቅ ብባል የምመርጠው ሪሴት የማድረጉን ነገር ነው። የድርጅት ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በድርጅቱ ስም ማይክሮሶፍት ዘንድ ይመዘገባል። ምዝገባው ያለው በኢንተርኔት ላይ ነው፤ የሚያውቀውም የማሽኑን መለያ ነው። ስለዚህ ፎርማት ቢያደርጉት፣ ኤስኤስዲውን ቢቀይሩትም አይጠፋም። ሊያነሳው የሚችለው የመዘገበው ድርጅት ነው። አንዳንድ ሻጮች ይህን ሳያጣሩ ያለ ኢንተርኔት ዊንዶውስ ጭነው ይሸጡታል። ማሽኑ ወራት፣ ዓመትም ያለ ችግር ይሠራል። ከዚያ ተማሪዋ ቫይረስ ገባብኝ ብላ ፎርማት ታስደርጋለች። ዊንዶውስ ሲነሳና ዋይፋይ ሲያገኝ ግን የማታውቀው የአሜሪካ ኩባንያ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ የሥራ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃታል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይዘው ወደ ሱቃችን የሚመጡ ወላጆች አሉ። እኛም ደህና መፍትሔ የለንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በዊንዶውስ 11 ወደ Settings፣ System፣ Recovery ገብቶ Reset this PC ይጫን። ቀጥሎ Remove everything የሚለውን ይምረጥ። ሲጨርስ ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ያኔ ዋይፋይ መገናኘቱ ግድ ነው። ቋንቋና አገር ጠይቆ ላፕቶፑ የግል ነው ወይስ የሥራ ብሎ ካስመረጠ ነፃ ነው። ሳያስመርጥ የድርጅት ስም ከደቀነ ታስሯል። እግረ መንገዱንም አጥፍቶ ሲያበራው በዴል F2፣ በኤችፒ F10 እየደጋገመ ይጫን። ባዮስ የሚባለው የማሽኑ ማዘጋጃ ገጽ ያለ ይለፍ ቃል ከተከፈተ ጥሩ። የማያውቀውን የይለፍ ቃል ከጠየቀው ይመልሰው።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር፣ ማደሪያ ክፍል ውስጥ አንድ ሶኬት ለብዙ ልጅ በሚደርስበት ግቢ፣ የሞተ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ማለት ነው። Command Prompt ከፍቶ ይህን ይጻፍ፦

```
powercfg /batteryreport
```

battery-report.html የሚባል ፋይል ይወጣል፤ የተቀመጠበትን ቦታ እዚያው ይነግረዋል። ከፍቶ ሁለት ቁጥር ይይ። DESIGN CAPACITY ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው ነው፤ FULL CHARGE CAPACITY ዛሬ የሚይዘው ነው። የመጀመሪያው 63,000፣ ሁለተኛው 41,000 ነው እንበል። 41ን ለ63 ሲያካፍል 65 በመቶ ይመጣል። አዲስ ሳለ 7 ሰዓት ይቆይ ከነበረ አሁን አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ማለት ነው። እኔ ከ80 በመቶ በታች የሆነውን አልቀበልም። እንዲህ ከሆነ ወይ ይመልሰው፣ ወይ ሻጩ ዋጋ ቀንሶለት በልዩነቱ አዲስ ባትሪ ያስገባበት።

ሪፖርቱን ብቻ ግን አይመን። ባትሪው በርካሽ ተመሳሳይ ተቀይሮ ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሆነው ሊያታልሉት ይችላሉ። መቶ ከሞላ በኋላ ነቅሎ ቪዲዮ ይክፈትበትና ይተወው። ደህና ባትሪ ቀስ እያለ ይወርዳል። የተጎዳው 40 ላይ ሳለ በድንገት ወደ 10 ይወርዳል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል።

ሚሞሪውን በተመለከተ፣ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አይጨመርም። የጠቀስኳቸው ሁለቱ ሞዴሎች ግን ሁለት ሁለት ማስገቢያ አላቸው። 8 ጊጋ ያለበት በጥሩ ዋጋ ካገኘ ይግዛው፤ የቀረውን 8 እዚህ በደቂቃዎች እንጨምርላታለን። ልጅዎ ወደፊት እንደ አውቶካድና ኢታብስ ያሉ ፕሮግራሞች ትጭናለች። ኢታብስ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ክሮምቡክ አትግዛ ያስባልኩትም ለዚህ ነው፤ ዊንዶውስ ስለሌለው አይጫንበትም። ስናፕድራጎን ፕሮሰሰር ያለባቸውንም ይለፋቸው፤ አንዳንድ የምህንድስና ፕሮግራም ያስቸግርባቸዋል። የአርክቴክቸር ተማሪ ብትሆን ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይኑረው እል ነበር፤ ለሲቪል የመጀመሪያ ዲግሪ ግን ከእሱ ሚሞሪው ይቅደም።

ሌላ ሞዴል በርካሽ አገኘሁ ካለዎት ኢንቴል ኮር ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ በታች አይውረድ። ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ስለ መብራቱ አይስጉ። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ INPUT 100-240V የሚል ካለ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል። የማይገጥመው የአሜሪካ ጠፍጣፋ ሶኬት ነው። ከግድግዳ እስከ ቻርጀሩ ያለው ገመድ ከተነቀለ፣ እሱን ብቻ እዚህ በሚሸጠው ይቀይሩ። ስታቢላይዘርም ሆነ የቮልቴጅ መቀየሪያ እንዲያመጣ አይዘዙት፤ የሻንጣ ኪሎ ነው የሚበላበት።