ጥያቄና መልስ፦ «አሁን የነገርኩትን አሁን ይረሳል»

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ እትዬ ሂሩት፣ ልጄ አሁን የነገርኩትን አሁን ይረሳል። የዛሬ ሁለት ዓመት የሄድንበትን ሠርግ ግን አንድ ሳያስቀር ይተርክልኛል። ሰንፎብኝ ነው?

ሂሩት፦ አልሰነፈም። ሠርጉ የረጅም ጊዜ ትውስታው ውስጥ ገብቷል፤ ትእዛዝሽ ግን ገና እዚያ ሳይደርስ ወርኪንግ ሜሞሪው ላይ እያለ ነው የሚጠፋው። ወርኪንግ ሜሞሪ አሁን የምንሠራበትን ነገር ለአፍታ የምንይዝበት የአእምሮ ክፍል ነው። እሱ ደግሞ ለአዋቂም ጠባብ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔልሰን ኮዋን እ.ኤ.አ. በ2001 አራት ገደማ ነገር ይይዛል ብሏል፤ ልጅ ላይ ከዚያም ያንሳል።

ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ትእዛዝ እዪ፦ «ደብተር አውጡ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ገጽ 43ን ግለጡ፣ ከ3 እስከ 6 ሥሩ፣ 5ኛውን ግን ተዉት።» ልጁ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳውን ሲበረብር የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይጠፋሉ። ከዚያ የጎረቤቱን ደብተር ያያል፣ መምህሩም «አታዳምጥም» ይለዋል። አዳምጦ ነበር።

መለያው ቀላል ነው። አንድ በአንድ ስትነግሪው ሁሉንም ከሠራ፣ ሲደራረብበት ግን ጀምሮ መሀል ላይ ከቆመ፣ የከበደው ብዛቱ ነው። ሁለት ሁለት አድርገሽ ንገሪው፣ የቀረውን ጻፊለት።

ዳዊት፦ አራት ሳይሆን ሰባት ነው። ሚለር የሚባል ሰው አረጋግጦታል።

ሂሩት፦ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ገደማ ብሏል፣ ልክ ነህ። ሰው በልቡ እየደጋገመና እያቧደነ ሲይዝ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ያንን ስትከለክለው ወደ አራት ይወርዳል። ክርክሩ አላለቀም። ይልቅ 188819661983ን አንዴ አይተህ ድገም። ዐሥራ ሁለት አኃዝ ነው፣ አይቻልም። ዓድዋ፣ አብዮቱ፣ የደርግ መውደቅ ብለህ ካየኸው ግን ሦስት ነገር ብቻ ነው። ቦታው አልሰፋም፤ የረጅም ጊዜ ትውስታህ አገዘህ።

ዮናስ፣ 12ኛ ክፍል፦ ማታ አምስት ጊዜ ያነበብኩት ጠዋት ፈተና ላይ ጠፋ።

ሂሩት፦ ደጋግመህ ስታነብ ገጹ ይለመድሃል፣ የለመድከውን ደግሞ ያወቅከው ይመስልሃል። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን ሲፈትኑ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ የተሻሉት ደግመው ያነበቡት ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን የጻፉት በለጧቸው። መጽሐፉን ዝጋ፣ ጻፍ፣ ከዚያ ገልጠህ አርም።

ስም የለሽ፦ በጣም እረሳለሁ፣ ምን ላድርግ?

ሂሩት፦ ምኑን ነው የምትረሳው? ትእዛዝ? ቀመር? ቀጠሮ? ለይተህ ካልነገርከኝ ምንም ልልህ አልችልም። ጥናት ከሆነ ለዮናስ የጻፍኩትን አንብብ።

ቤቲ፦ ለማስታወስ የሚረዳ ምግብ አለ?

ሂሩት፦ እሱን የምግብ ባለሙያ ጠይቂ። ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት ግን ይቅርብሽ።

ኃይለ፦ የአብነት ተማሪ ዳዊትን በቃሉ ይወጣል። አእምሮ ጠባብ ነው የምትሉት ከየት መጣ?

የሒሳብ መምህር፦ ሽምደዳ ነው እኮ ትምህርታችንን የገደለው!

ኃይለ፦ ሽምደዳ አልልም። መምህሩ ፊት ቆሞ ሲስት ይታረማል።

ሂሩት፦ ኃይለ፣ አንተ የምትለው የረጅም ጊዜ ትውስታን ነው፤ ለእሱ እስካሁን የታወቀ ልክ የለውም። ጠባቡ መግቢያው፣ ወርኪንግ ሜሞሪው ነው። የቃል ተማሪም መዝሙሩን በአንድ ትንፋሽ አይቀበልም፤ ጥቂት ጥቂት ይቀበላል፣ ሳያይ ይደግማል፣ ይታረማል። ለዮናስ መጽሐፉን ዝጋ ያልኩትም ይህንኑ ነው።

መምህር፣ በቃል መያዝን ግን አትናቁት። 24ን በ17 የሚያባዛ ልጅ 7 በ4 ስንት እንደሆነ በቃሉ ካልያዘ በጣቱ ይቆጥራል። 28 ብሎ 8ን ይጽፋል፣ 2ን ይይዛል። ከዚያ 7 በ2ን ሊቆጥር ሲጀምር የያዛት 2 ትጠፋለች። 168 መሆን የነበረበት 148 ይሆናል፣ መጨረሻው 408 ሳይሆን 388 ይወጣል። ደብተር ስታርሙ 388 ካያችሁ ልጁ ማባዛት ያውቃል፤ የጣለው የያዘውን ነው። እንደገና ማባዛትን ከማስተማር የያዘውን ከላይ እንዲጽፍ አድርጉት፣ የብዜት ሰንጠረዡንም በቃሉ ይያዝ።

የሒሳብ መምህር፦ ሰንጠረዡን በቃሉ እየወጣ ጥያቄውን ያልተረዳስ? እንደዚህ ያሉ ተማሪዎች ሞልተውኛል።

ሂሩት፦ እሱ ሌላ ችግር ነው፣ አልክድም።

ስም የለሽ፦ ቀመር ነው የምረሳው። ፈተና ክፍል ስገባ።

ሂሩት፦ አሁን ጥያቄ ጠየቅህ። ፈተናው አልቆ ስትወጣ ትዝ ይልሃል? ትዝ ካለህ አልጠፋም፤ ጭንቀቱ ራሱ ወርኪንግ ሜሞሪህን ይሻማል። ወረቀቱ እንደተሰጠህ፣ ጥያቄ ሳታነብ ቀመሮቹን ጠርዙ ላይ ጻፋቸው። ወጥተህም ትዝ ካላለህ ግን ቀድሞውኑ አልገባም፤ መጽሐፉን ዘግተህ መጻፍ ነው፣ ስንቴ ልበል።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆንስ ይብስበታል?

ሂሩት፦ ቋንቋው ገና ካልተዋሃደው አዎ። በልቡ እየተረጎመ ለሒሳቡ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ ይንገርሽ፣ ከዚያ ይሥራ።

የሒሳብ መምህር፦ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ከለመደ ያኔ ምን ሊያደርግ ነው?

ሂሩት፦ መጀመሪያ ይግባው። ቃላቱን ለብቻ፣ ሒሳቡን ለብቻ አስለምዱት፤ ሁለቱን አዲስ ነገር በአንድ ቀን አትጫኑበት።