የአሥር ዓመት ልምድን አንድ ገጽ ላይ ማስፈር

«10 ዓመት በግዢ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ውጭ አገር ኤም.ቢ.ኤ. ላመልክት ነው። ሲቪዬ አራት ገጽ ሆነብኝ። የቱን ልቀንስ?»

እህቴ፣ ሲቪውን ከመነካካትሽ በፊት ፕሮግራሙን ለዪ። በመደበኛው የሙሉ ጊዜ ኤም.ቢ.ኤ. አብዛኛው ተማሪ አምስት ዓመት አካባቢ የሠራ ነው። አንቺም ማመልከት ትችያለሽ፤ ግን «ለምን አሁን?» የሚለው ጥያቄ ይከብድብሻል። ለእንዳንቺ ዓይነቱ ሰው ታስበው የተከፈቱ አሉ። የኤም.አይ.ቲ. ስሎን ፌሎውስ ኤም.ቢ.ኤ. እና የስታንፎርድ ኤም.ኤስ.ኤክስ. የአንድ ዓመት ናቸው። ስታንፎርድ ቢያንስ ስምንት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ዲግሪው ግን በማኔጅመንት የሳይንስ ማስተርስ እንጂ ኤም.ቢ.ኤ. አይደለም።

ወደ ሲቪው ስንመጣ፣ እኔም ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ነው ያመለከትኩት፤ ከዚያ ወዲህም የብዙ ጓደኞቼን ሲቪ አይቻለሁ። ገጹን የሚያበዛው አንድ ነገር ነው፦ የሥራ መዘርዝር መገልበጥ። «የግዢ ጥያቄ መቀበል፣ ጨረታ ማውጣት፣ አቅራቢዎችን መከታተል።» ይህን እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይጽፈዋል። ስለ አንቺ የሚናገረው የለም።

ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር ጠይቂ። በፊት ምን ነበር? እኔ ምን ወሰንኩ? ምን ተለወጠ? ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦ «አንድ ግዢ 60 ቀን ይፈጅ ነበር። በየጊዜው ለሚገዙ ዕቃዎች ጨረታውን በዓመታዊ ውል ተክቼ ወደ 35 ቀን አወረድኩ። ስድስት ሠራተኞች መርቻለሁ።» ቃለ መጠይቅ ላይ ልታስረጂው የማትችይውን ቁጥር ግን አትጻፊ። መሥሪያ ቤቱ በምስጢር የሚይዘው ከሆነ በመቶኛ አስቀምጪው።

የመጀመሪያ ሥራሽ ሁለት መስመር ይበቃዋል። የአጫጭር ሥልጠና ሰርተፍኬቶቹን አውጪያቸው። ገጹን የመጨረሻዎቹ አራት አምስት ዓመታት ይያዙት።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው የሥራ መደቡ ለዓመታት ስላልተለወጠ ነው። እድገት በመደብ ስም ብቻ አይታይም። መጀመሪያ እስከ ስንት ብር ትፈርሚ ነበር፣ አሁንስ? ስንት ሰው ነበረሽ፣ አሁንስ? ያንኑ መደብ በሁለት ጊዜ ከፍለሽ ጻፊው። ሲያልቅ የመደብ ስሞቹን ሸፍነሽ አንብቢው። ኃላፊነትሽ እየሰፋ መሄዱ ካልታየሽ ገና ነው።

የድጋፍ ደብዳቤው ከዚሁ ጋር መግጠም አለበት። ለስሙ ብለሽ ዋና ሥራ አስኪያጁ ጋ አትሂጂ። ሥራሽን በቅርብ የሚያውቀው አለቃሽ ይጻፍልሽ። «አንቺ ጻፊውና እኔ ልፈርም» ቢልሽ እሺ አትበይ። ትምህርት ቤቶቹ አይፈቅዱም፤ የአጻጻፉ ቃና ከድርሰትሽ ጋር አንድ ሲሆንም ያስነቃል። ይልቅ አብራችሁ የሠራችኋቸውን ሦስት ሥራዎች ከነቀናቸው በአንድ ወረቀት ስጪው፤ ከዚያ በራሱ አንደበት ይጻፍ።