ግሩፕ ራሱን ሲያንቀሳቅስ፦ ለአልጀብራ ተማሪዎች

ውድ ተማሪዎች፣

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የኬይሊን ቲዎረም ማረጋገጫ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት ጽፋ ከጨረሰች በኋላ፣ «ግን ቦታ የሚለዋወጡት ነገሮች ከየት መጡ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ያስቆጫል፤ ምክንያቱም እኛ መምህራን ወደ ሲሎው ቲዎረሞች ለመድረስ ስንቸኩል የምንዘለው ይህንኑ ነው። ቲዎረሙ ማንኛውም ግሩፕ የአንድ ሲሜትሪክ ግሩፕ ሰብግሩፕ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል ይላል። ሲሜትሪክ ግሩፕ ደግሞ የአንድ ስብስብ ፐርሙቴሽኖች በሙሉ የሚገኙበት ነው። ታዲያ ግሩፑ ሲሰጠን አብሮት የተሰጠ ሌላ ስብስብ የለም። ያለን ግሩፑ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰውም እሱ ራሱ ነው።

ወረቀት አውጡና ባለ ስድስት አባሉን ግሩፕ ውሰዱ፤ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሲሜትሪዎች ናቸው። r የ120 ዲግሪ ዙረት፣ s ደግሞ አንድ ግልበጣ ይሁን። r³ = e፣ s² = e፣ sr = r²s። ከእነዚህ ሦስት ሕጎች ሌላ አያስፈልጋችሁም። አባሎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ቁጥር ስጧቸው፦ 1 = e፣ 2 = r፣ 3 = r²፣ 4 = s፣ 5 = rs፣ 6 = r²s።

አሁን እያንዳንዱን አባል በግራ በኩል በ r አባዙ። e ወደ r፣ r ወደ r²፣ r² ወደ e ይሄዳል። s ወደ rs፣ rs ወደ r²s፣ r²s ተመልሶ ወደ s። በቁጥር ሲጻፍ (1 2 3)(4 5 6) ነው። በ s ስታባዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ sr = r²s ስለሆነ 2 የሚሄደው ወደ 6 እንጂ ወደ 5 አይደለም። sr² ደግሞ rs ስለሆነ 3 ወደ 5 ይሄዳል። ውጤቱ (1 4)(2 6)(3 5)። የዘንድሮ ተማሪዎች ማረጋገጫውን በስልክ ፎቶ አንስተው ያስቀምጣሉ፤ ይህችን ባለ ስድስት መስመር ስሌት ግን በእጁ የሠራ ጥቂት ነው።

ስሌታችሁ ትክክል መሆኑን የምታውቁበት መንገድ አለ። gx = x የሚሆነው g = e ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ e በቀር ማንም አባል አንድም ቁጥር በቦታው አይተውም። ሳይክሎቹም በሙሉ እኩል ርዝመት ይኖራቸዋል፤ ርዝመታቸው የ g ኦርደር ነው። r ሁለት ባለ ሦስት ሳይክሎች፣ s ሦስት ባለ ሁለት ሳይክሎች ሰጡን። አንዱ ሳይክል ከሌላው ከረዘመ የሆነ ቦታ ላይ ማባዛቱ ተሳስቷል።

ከዚህ በኋላ ጠቅላላው ማረጋገጫ የሠራችሁትን በፊደል መጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ g፣ λ_g(x) = gx በሉ። gx = gy ከሆነ በ g ኢንቨርስ በግራ አባዝታችሁ x = y ታገኛላችሁ፤ አንድ ለአንድ ነው። ማንኛውንም y ብትመርጡ λ_g g⁻¹y ላይ ሲሠራ y ይወጣል፤ ስለዚህ የማይደረስበት አባል የለም። ይህን ሁለተኛውን ክፍል አትዝለሉ። ስብስቡ ውስን ከሆነ አንድ ለአንድ መሆኑ ብቻውን ይበቃል፤ ካልሆነ ግን አይበቃም። ኢንቲጀሮች ላይ x ወደ 2x የሚወስደው ፋንክሽን አንድ ለአንድ ነው፤ 3 ላይ ግን አይደርስም። ቲዎረሙ ለኢንቲጀሮች የመደመር ግሩፕም የሚሠራው እያንዳንዱ n ወደ ኋላ የሚመልስ −n ስላለው ነው።

ቀጥሎ λ_g(λ_h(x)) = g(hx) = (gh)x፤ ይህ የማባዛት አሶሲየቲቭነት ብቻ ነው። በመጨረሻም λ_g = λ_h ከሆነ ሁለቱንም e ላይ አሠሯቸውና g = h ይወጣል። ይህ እርምጃ ባይኖር ሁለት የተለያዩ አባሎች በአንድ ፐርሙቴሽን ይደባለቁ ነበር።

«ለምን በግራ?» የሚለውን ብዙዎች እንደ ልማድ ያልፉታል። በቀኝ ሞክሩት፦ ρ_g(x) = xg። በ r በቀኝ ስታባዙ (1 2 3)(4 6 5)፣ በ s ደግሞ (1 4)(2 5)(3 6) ታገኛላችሁ። ሁለቱም ትክክለኛ ፐርሙቴሽኖች ናቸው። ነገር ግን መጀመሪያ ρ_sን፣ ከዚያ ρ_rን ብታሠሩ 1 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 6 ይሄዳል። ρ_rs ግን 1ን የሚወስደው ወደ 5 ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ xhg ሆኗልና። በቀኝ መሥራት ከፈለጋችሁ xg⁻¹ በሉ፤ ኢንቨርሱ ራሱ ቅደም ተከተሉን ስለሚገለብጥ ሁሉም ይስተካከላል።

ፈተና ላይ በብዛት የማየው ሌላ ስሕተት λ_g ራሱ የግሩፑ ሆሞሞርፊዝም ነው ማለት ነው። አይደለም፤ e ን ወደ g ይወስዳልና። ሆሞሞርፊዝሙ g ን ወደ λ_g የሚወስደው ነው። gxg⁻¹ን የሚመርጡም አሉ። እሱ ሆሞሞርፊዝም ይሰጣል፤ ነገር ግን ከሁሉም ጋር ኮሚዩት የሚያደርጉ አባሎች በሙሉ ምንም ስለማያንቀሳቅሱ ይጠፋሉ። ግሩፑ አቤሊያን ከሆነ ምንም አይተርፍም።

አርተር ኬይሊ ግሩፕን በማባዣ ሠንጠረዥ አድርጎ በ1854 ሲጽፍ ለንደን ውስጥ በጥብቅና ይተዳደር ነበር፤ ካምብሪጅ ፕሮፌሰር የሆነው በ1863 ነው። በሠንጠረዡ እያንዳንዱ መስመር ላይ ሁሉም አባል አንድ አንድ ጊዜ ይገኛል፤ እንግዲህ λ_g ማለት ያ መስመር ነው።

ዋጋውንም እወቁ። ስድስት አባል ያለውን ግሩፕ 720 አባል ያለው S₆ ውስጥ አስቀመጥን፤ የሦስት ማዕዘኑን ጫፎች ብናንቀሳቅስ ግን S₃ ይበቃ ነበር። ስለዚህ ቲዎረሙ አባካኝ ነው ብለን እንናገራለን። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስምንት አባል ያለውን የኳተርኒየን ግሩፕ Q₈ ውሰዱ። e ብቻ ካለበት ሰብግሩፕ በቀር ማንኛውም ሰብግሩፑ −1ን ይይዛል። Q₈ ሰባት ነጥቦች ላይ ቢሠራ እያንዳንዱ ኦርቢት ከስምንት ያንሳል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ነጥብ ስታቢላይዘር ቢያንስ ሁለት አባል አለው፤ ስለዚህ −1 በውስጡ አለ። −1 ሁሉንም ነጥብ በቦታው ተወ ማለት ነው። Q₈ S₇ ውስጥ አይገባም፤ 40320 አባል ያለው S₈ ግድ ይላል።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምታደርጉ ከጠየቃችሁ፣ ወደ (1 4)(2 6)(3 5) ተመለሱ። ሦስት ልውውጥ ነው፤ ኢተጋማሽ ፐርሙቴሽን። የግሩፑ ብዛት 2m፣ m ደግሞ ኢተጋማሽ ይሁን። እያንዳንዱን አባል ከኢንቨርሱ ጋር አጣምሩ፤ e ብቻውን ይቀራል፤ ብዛቱ ተጋማሽ ስለሆነ ሌላም ብቻውን የሚቀር፣ ኦርደሩ 2 የሆነ አባል t መኖር አለበት። λ_t አንድም ነጥብ በቦታው ስለማይተው በትክክል m ልውውጦች ነው፤ ስለዚህ ኢተጋማሽ ነው። λ_g ተጋማሽ የሚሆንላቸው g-ዎች የግሩፑ ግማሽ የሆነ ኖርማል ሰብግሩፕ ይሠራሉ። 30 አባል ያለው ግሩፕ ምንም ዓይነት ይሁን፣ 15 አባል ያለው ሰብግሩፕ አለው፤ ሲሎውን ሳንጠራ።