ለወገብ ህመም ፍራሽ ሲገዛ፦ ከአዳማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

«መለያው ላይ ዴንሲቲ 30 ይላል። ፍራሹ 1.20 በ1.90፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ነው። እኔ 78 ኪሎ ነኝ፣ ወገቤን ያመኛል። ልግዛው?»

መጀመሪያ አስመዝነው። 30 ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ 30 ኪሎ ይመዝናል ማለት ስለሆነ እውነቱን ሚዛን ይነግርሃል። 1.20፣ 1.90 እና 0.20 ሲባዙ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። ይህ በ30 ሲባዛ ወደ 13.7 ኪሎ ይመጣል። ልብሱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ቢመዝን፣ ፍራሹ በጠቅላላው 15 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። የእህል ነጋዴ ሚዛን ይበቃል።

ሚዛኑ 11 ካለህ፣ የልብሱን ስትቀንስ 9.5 ይቀራል። ለ0.456 አካፍለው፤ 21 አይሞላም። እንዲህ ያለ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ስትቀመጥበት ደስ ይላል፤ ሲውል ሲያድር ግን ዳሌህ የሚያርፍበት ቦታ ይጎደጉድና ወገብህ ሌሊቱን ሙሉ ተንጋድዶ ያድራል። በአንተ ክብደት ከ28 በታች አልመክርም። ውፍረቱንም በሜትር ለካው፤ 20 የተባለው 18 ከሆነ ሂሳቡም ይለወጣል።

«እንግዲያው ሱቁ ውስጥ ካሉት ከባዱን አንስቼ ልሂድ?»

አይ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የስፖንጅ ቁርጥራጭ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ ፍራሽ በጣም ከባድ ነው፤ ግን ድርቅ ያለ ነው፣ ለትከሻና ለዳሌ አይታጠፍም። ዚፑን ከፍተህ እየው፤ ውስጡ ዥንጉርጉር ከሆነ እሱ ነው። ክብደት እንዲያነሳ ዱቄት የተጨመረበት ስፖንጅም አለ። ጠርዙን በሁለት ጣት ስታሸው ብናኝ ከተወ ወይም እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ ተወው። ዚፕ ከሌለው ሻጩ ከዚያው ምርት የተቆረጠ ናሙና ያሳይህ።

«ይሄ ሁሉ ሂሳብ ምን ያደርጋል? ለወገብ ጠንካራ ነው የሚሻለው። አባቴም ወገቡን ሲያመው ጣውላ ላይ ነበር የሚተኛው።»

የሚጎደጉድ ፍራሽ ይጎዳል ማለትህ ከሆነ ልክ ነህ፣ ወንድሜ። ጠንካራ ሁሉ ይሻላል የሚለው ግን አያስኬድም። በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የስፔን ጥናት 313 የቆየ የወገብ ህመም ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ከፍሎ ለ90 ቀን አስተኝቷቸው ነበር። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ የደረሳቸው ጠንካራው ከደረሳቸው ይልቅ ተሽሏቸዋል።

ደግሞ እፍጋት፣ ማለትም መለያው ላይ ዴንሲቲ የሚባለው፣ ከጥንካሬ ለየቅል ነው። እፍጋቱ ከፍ ያለ ሆኖ ለስላሳ ስፖንጅ አለ፣ ቀላል ሆኖ ደረቅም አለ። ጥንካሬውን የምታውቀው ተኝተህበት ነው። ጫማህን አውልቀህ በጀርባህ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተኛ፣ ከዚያ መዳፍህን ወገብህ ስር አስገባ። እጅህ ሳይነካ እንደ ልብ ካለፈ ፍራሹ ላንተ ጠንካራ ነው። ጭራሽ አልገባ ካለ ሰጥመሃል። እየነካካ ከገባ ጥሩ ነው። በጎንህ የምትተኛ ከሆነ ትከሻህ ትንሽ መግባት አለበት፤ አጥንትህን ከቆረቆረህ ለአንተ አይሆንም።

«ስፕሪንግስ? ባለቤቴ ሲገላበጥ እኔ እነቃለሁ። አሁን ያለን ስፕሪንግ መሀሉ ገብቷል።»

ሁለት ዓይነት አለ፣ እህቴ። አንደኛው ሽቦዎቹ እርስ በርስ የተያያዙበት ነው፤ አንዱ ሲጫን ጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል፣ ለዚህ ነው የምትነቂው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ስፕሪንግ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት ያለበት፣ ፖኬት የሚሉት ነው፤ ዳሌ ሲገባ ወገብ ስር ያለው ቀና ብሎ ይቆያል። አቅም ካለ ፖኬቱን እመርጣለሁ። ለመለየት መሀሉን በጡጫ ጫኚው፤ ዙሪያው ሰፋ ብሎ ከወረደ የተያያዘው ነው።

መሀሉ ስለገባው ግን አልጋውን ሳታዪ አዲስ አትግዢ። ፍራሹን አንሺና ርብራቡን እዪ። በጣውላና በጣውላ መካከል ከ7 ሴንቲ በላይ ክፍተት ካለ ወይም መሀሉ ከጎበጠ አዲሱም እንዲሁ ይገባል። ስታመጪው ደግሞ በባጃጅ አጥፈሽ አትጫኚ፤ የዙሪያው ሽቦ ከታጠፈ ተመልሶ አይቀናም።

«የትኛው ስም ነው የሚታመነው?»

ስም ብቻውን አይበቃም። አንድ ፋብሪካ ርካሹንም ውዱንም በአንድ ስም ይሸጣል፣ የልብስ መለያ ደግሞ የትም ይሰፋል። እኔ የማየው ዋስትናውን ነው፦ በጽሑፍ አለ ወይ፣ ስንት ሴንቲ ሲጎደጉድ ነው የሚቀይሩት፣ የሚቀይረው ሱቁ ነው ወይስ ፋብሪካው? ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና እፍጋቱ እንዲጻፍ ጠይቅ። ይህን የማይጽፍ ሻጭ ቁጥሩን ራሱ አላመነበትም።

«እናቴ ሌሊት እግሯን ያደነዝዛታል። ለእሷ የሚሆነው 35 ነው 40?»

ይህን በፍራሽ ቁጥር አልመልስልህም። ድንዛዜው ወደ እግር ከወረደ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። እግራቸው ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳቸው።

«ሜሞሪ ፎም ለአዳማ ሙቀት ይሆናል?»

በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይደርቃል። ቀትር ላይ ሱቅ የሞከርሽው ሊነጋጋ ሲል የምትተኚበት አይደለምና ጠዋት በማለዳ ሄደሽ ሞክሪው። ከላይ 5 ሴንቲ ያህል ብቻ ያለበት ይሻላል እላለሁ፤ ሙቀቱን ስንቱ ሰው እንደሚችለው ግን የተጠቀማችሁበት ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።